ግራፉና ከሥሩ ያለው ሰንጠረዥ ሲለያዩ፦ በማመሳከር ጊዜ የሚፈጸሙ ስህተቶች

አንድ የምሳሌ ሪፖርት እንያዝ። የአንድ ወረዳ የስንዴ ምርት ከ2011 እስከ 2015 ዓ.ም. በባር ግራፍ ቀርቧል። ከግራፉ ሥር ያለው ሰንጠረዥ በሺህ ኩንታል 285፣ 310፣ 362፣ 341 እና 398 ይላል፤ በድምር ረድፉ ላይ 1,660 ተጽፏል። የግራፉ ቋሚ ዘንግ ከ200 ይጀምርና 400 ላይ ያበቃል። ባሮቹ ላይ ቁጥር የለም። እዚህ ሪፖርት ውስጥ አንድ ስህተት አለ፤ ብዙ ሰው ግን ሳያየው ያልፋል።

አዝማሚያውን አይቶ ማለፍ

ግራፉ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሰንጠረዡም ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ይስማማሉ ተብሎ ይፈረማል። ዓይን የሚይዘው አጠቃላይ አቅጣጫውን ነው እንጂ የአንድ ባርን ቁመት አይደለም። ቢያንስ ጎረቤታሞቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ ማወዳደር ያስፈልጋል፦ ሰንጠረዡ ውስጥ የሚበልጠው ግራፉም ላይ ይበልጣል? በምሳሌያችን 2013 ከ2014 እንደሚበልጥ ሰንጠረዡ ይናገራል፤ በግራፉ ላይ ግን የ2013 ባር ከ2014ቱ አጭር ነው። ይህ ማወዳደር ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፤ ቅደም ተከተሉን የማያፋልስ ስህተት ግን ያመልጠዋል። ለዚያ መለካት የግድ ነው።

ባሩን ከዜሮ እንደጀመረ አድርጎ መለካት

ማስመሪያ ይያዙ። መጀመሪያ የሚለካው ባሩ ሳይሆን ዘንጉ ነው። ከ200 እስከ 400 ያለው ርቀት 80 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 200 ለ80 ሲካፈል አንድ ሚሊ ሜትር 2.5 ሺህ ኩንታል ይወክላል ማለት ነው። የ2011 ባር ቁመት 34 ሚሊ ሜትር ነው፤ 34 በ2.5 ተባዝቶ 85 ይሆናል። መነሻው 200 ስለሆነ ሲደመር 285 ይመጣል፤ ከሰንጠረዡ ጋር ልክ ነው።

መነሻውን ሳይደምሩ የሚለኩ ሰዎች 85 ብቻ አግኝተው ግራፉ ተሳስቷል ይላሉ። ከዚህም የባሰ የባሮቹን ቁመት እርስ በርስ የሚያካፍሉ አሉ። የ2015 ባር 79 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚሆን ከ2011ዱ ከሁለት እጥፍ በላይ ይረዝማል፤ ምርቱ ግን የጨመረው 40 በመቶ ገደማ ነው። ግራፉ እዚህ አሳሳች ነው፣ ከሰንጠረዡ ጋር ግን አልተጣላም። ሁለቱን ክሶች መለየት ይገባል።

ሪፖርቱ በፎቶ ኮፒ ቢያንስም ችግር የለውም፣ ዘንጉም አብሮ ያንሳል። በማስመሪያ ግማሽ ሚሊ ሜትር መሳት የተለመደ ስለሆነ በዚህ ግራፍ እስከ 1.25 ያለ ልዩነት ልዩነት አይባልም። ባለ ሦስት ገጽታ ግራፍ ሲሆን ግን ማስመሪያውን ያስቀምጡት፤ ባሩ ዘንጉ ላይ ስላላረፈ ልኬቱ አይታመንም። ግራፉን ያዘጋጀውን ሰው ፋይሉን ይጠይቁ።

ግራፉን ወዲያው ጥፋተኛ ማድረግ

የ2013ን ባር ስንለካ ከ50 ሚሊ ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ ይህም ወደ 326 አካባቢ ነው። ሰንጠረዡ 362 ይላል። ቁጥር ጽሑፍ ስለሆነ ይታመናል፣ ሥዕል ግን ይጠረጠራል፤ አርታኢውም ግራፉን እንደገና እንዲሠሩት ያዛል። እዚህ ላይ ስህተቱ ይጸናል።

ዳኛው የድምር ረድፉ ነው። በሰንጠረዡ ያሉትን አምስት ቁጥሮች ስንደምር 1,696 እናገኛለን፤ የተጻፈው 1,660 ነው። ልዩነቱ 36። በ362 ፈንታ 326ን ብናስገባ ድምሩ በትክክል 1,660 ይሆናል። 36 ደግሞ ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ የሒሳብ ሠራተኞች እንደሚያውቁት ሁለት ጎን ለጎን ያሉ አኃዞች ሲቀያየሩ ልዩነቱ ምንጊዜም ለ9 ይካፈላል። ስለዚህ 326 ሰንጠረዡ ውስጥ ሲተየብ 2ቱና 6ቱ ቦታ ተለዋውጠዋል ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው። ግራፉ ልክ ነበር፤ ቢሆንም ዋናውን መዝገብ ሳያዩ አያርሙ።

ድምሩ ልክ ስለሆነ መረጋጋት

ድምር ሁልጊዜ ዳኛ አይሆንም። በኤክሴል አንድ ሴል ውስጥ «326 ኩንታል» ተብሎ ቢተየብ ወይም ከቁጥሩ በዜሮ ፈንታ ኦ የምትባለዋ የላቲን ፊደል ብትገባ፣ ኤክሴል ሴሉን እንደ ጽሑፍ ይወስደዋል። የሴሎችን ክልል የሚደምረው SUM ይዘለዋል፣ ግራፉም ዜሮ አድርጎ ይስለዋል። ድምሩና ግራፉ በአንድነት ተሳስተው እርስ በርስ ይስማማሉ። ባር ግራፍ ላይ ባዶ ቦታ ስለሚታይ ይነቃበታል፤ በተደራራቢ ባር ላይ ግን አንዱ ቀለም ብቻ ጠፍቶ ማንም ሳያስተውለው ሊያልፍ ይችላል። በባዶ ሴል እነዚህን ይጻፉ፦

```
=COUNTA(B2:B6)
=COUNT(B2:B6)
```

የመጀመሪያው ባዶ ያልሆኑትን ሁሉ፣ ሁለተኛው ቁጥሮችን ብቻ ይቆጥራል። 5 እና 4 ከመጡ አንዱ ሴል ቁጥር አይደለም።

ፋይሉ እያለ ግራፉ ከየት እንደሚያነብ አለማየት

ኤክሴል ውስጥ ከባሮቹ አንዱን ሲጫኑ የቀመር መስመሩ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ይወጣል፦

```
=SERIES(Sheet1!$B$1,Sheet1!$A$2:$A$6,Sheet1!$B$2:$B$6,1)
```

ሰንጠረዡ ረድፍ 6 ላይ እያለቀ ቀመሩ $B$5 ላይ ከቆመ የመጨረሻው ዓመት ግራፉ ውስጥ አልገባም። አዲስ ረድፍ ከሥር ሲጨመር ይህ በተደጋጋሚ ይደርሳል፤ መረጃውን አስቀድሞ በ Ctrl+T ወደ ኤክሴል ሠንጠረዥ መቀየር ክልሉ አብሮ እንዲያድግ ያደርጋል። ክልሉ ልክ ሆኖ አንድ ባር ከጠፋ ደግሞ የተደበቀ ረድፍ ይፈልጉ። ኤክሴል በነባሪነት የተደበቀውን አይስልም፤ Select Data ውስጥ Hidden and Empty Cells በሚለው ይስተካከላል።

ግራፉ ወደ ዎርድ በማያያዣ ተለጥፎ ሰንጠረዡ በእጅ ከተተየበ፣ አንዱ ሲታደስ ሌላው እንደቆመ ይቀራል። የኤክሴል ፋይሉ ቦታ ከተቀየረ ደግሞ ግራፉ የድሮውን ይዞ ይቆያል፣ ማስጠንቀቂያም ላይታይ ይችላል። በ Chart Design ሥር Edit Data ሲጫኑ ፋይሉ ካልተገኘ ምክንያቱ ይኸው ነው። የኤክሴል የራሱ Data Table፣ ማለትም ግራፉ ሥር የሚያያይዘው ሰንጠረዥ፣ ከግራፉ ጋር ቢስማማ ምንም አያረጋግጥም። ሁለቱም ከአንድ ምንጭ ያነባሉና።

የልዩነቱን ዓይነት ሳይለዩ ማረም

ሁሉም ባሮች በአንድ ዓይነት መጠን ካነሱ የዘንጉን መነሻ ረስተዋል። ሁሉም በአንድ ዓይነት እጥፍ ከራቁ የመለኪያ አሃድ ነው፦ አንዱ በኩንታል፣ ሌላው በቶን፤ አንድ ቶን 10 ኩንታል ስለሆነ በ10 እጥፍ ይለያያሉ። አንድ ረድፍ ብቻ ከሆነ ትየባ ሊሆን ይችላል።

ሁሉም ቁጥሮች ትክክል ሆነው በአንድ ቦታ ሲንሸራተቱ ደግሞ በእኛ ሪፖርቶች ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዘመን አቆጣጠር ነው። የ2015 በጀት ዓመት ከሐምሌ 1 ቀን 2014 እስከ ሰኔ 30 ቀን 2015 ይሄዳል፤ በፈረንጆች 2022/23 ነው። የሰንጠረዡ አዘጋጅ 2022፣ የግራፉ አዘጋጅ 2023 ብለው ከጻፉት የ2023 ባር የሰንጠረዡን የ2022 ረድፍ ይመስላል። የሚስተካከለው የዓመቱ መጠሪያ ነው፤ ቁጥሮቹን አይንኩ።