ሐኪሙ «ላይት ዱቲ» ብሎ ከጻፈልዎ ወረቀቱን ለመሥሪያ ቤት ገና አይስጡ

አሜሪካ ውስጥ ከሕመም ተነሥቶ ወደ ሥራ የሚመለስ ሰው ነገር የሚበላሽበት ብዙ ጊዜ በሐኪሙ ወረቀት ነው። ሆቴል ክፍል የምታጸዳ ሠራተኛን እንውሰድ። ወገቧን ኦፕራሲዮን ሆና ከርማለች። ሐኪሟ «ላይት ዱቲ ብቻ»፣ ማለትም ቀላል ሥራ ብቻ ትሥራ ብሎ ጻፈላት። ኤችአር አይቶ «ላይት ዱቲ የሚባል ሥራ የለንም፤ መቶ በመቶ ሲሻልሽ ነይ» ብሎ መለሳት።

ኤዲኤ የሚባለው፣ አካል ጉዳት ያለባቸውን ሰዎች ከአድልዎ የሚጠብቀው የ1990 የፌዴራል ሕግ 15 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለውን አሠሪ ይገዛል። በዚህ ሕግ፣ በተመጣጣኝ ማመቻቸት ሥራዋን መሥራት የምትችልን ሠራተኛ መቶ በመቶ ካልዳንሽ ብሎ መመለስ አይቻልም። ችግሩ ግን ወረቀቱም ምን እንደምትችል አይናገርም።

ስለዚህ መጀመሪያ የሥራ ዝርዝሩን ከኤችአር በጽሑፍ ይጠይቁና ለሐኪሙ ይውሰዱት። ሐኪሙ ያንን እያየ እንዲህ ብሎ ይጻፍ፦ «ከ20 ፓውንድ (9 ኪሎ ገደማ) በላይ አታንሳ፤ ደጋግማ አታጎንብስ፤ ይህ ለ4 ወር ይቆያል፤ የቀረውን ሥራ መሥራት ትችላለች።» ቁጥርና ጊዜ የሌለው ወረቀት ዋጋ የለውም። አሠሪው ሕመሙ ግልጽ ካልሆነ ማስረጃ መጠየቅ ይችላል፤ ሙሉ የሕክምና ፋይልዎን ግን መስጠት የለብዎትም።

ቀጥሎ የሚፈልጉትን ለይተው በኢሜይል ይጻፉ። ለዚች ሠራተኛ ረጅም እጀታ ያለው ማጽጃ፣ ቀለል ያለ ጋሪ፣ ፍራሽ ሲነሣ አብሯት የሚይዝ ሰው ሊሆን ይችላል። ለሱፐርቫይዘር በቃል መንገርም በሕግ ጥያቄ ነው፤ በኋላ «አልሰማሁም» ቢል ግን ማረጋገጫ የለዎትም። አሠሪው ሌላ የሚሠራ መፍትሔ ካለው የራሱን መምረጥ ይችላል፣ እርስዎ በጠየቁት ብቻ አይታሰርም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ «በቀን የማጸዳው ክፍል ይቀነስልኝ» ማለት። ሁሉም ሠራተኛ እኩል የሚጠበቅበትን የሥራ መጠን ዝቅ ማድረግ የአሠሪው ግዴታ አይደለም። የሚሻለው መጠኑን ለመድረስ የሚረዳዎትን ነገር መጠየቅ ነው። አሁን ባለው ሥራ ላይ ምንም ማመቻቸት ካልሠራ፣ የሚመጥንዎት ክፍት ቦታ ካለ ወደዚያ መዛወርን ይጠይቁ። ለምሳሌ ላውንደሪ ውስጥ ልብስ ማጠፍ። አዲስ ቦታ ይፍጠርልኝ ማለት ግን አይቻልም።

የትኛው ማመቻቸት ለየትኛው ሕመም እንደሚስማማ ጆብ አኮሞዴሽን ኔትወርክ (askjan.org) በነፃ ያማክራል። አሠሪው እምቢ ካለ፣ የሥራ ቦታ አድልዎን ለሚመረምረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ለኢኢኦሲ የሚቀርበው አቤቱታ በ180 ቀን ውስጥ ነው፤ ክፍለ ሀገሩ የራሱ ሕግና መሥሪያ ቤት ካለው 300 ቀን ይሆናል። ቀኑ የሚቆጠረው እምቢ ከተባሉበት ዕለት ነው፣ ከኤችአር ጋር እየተነጋገሩ መቆየት አያስቆመውም።