«ገና» ስንት ሚሊሰከንድ ነው? በፕራት ድምፅ መቅዳትና መለካት

«ገና ነው» ብዬ ብጽፍላችሁ ምን ማለቴ እንደሆነ አታውቁም። እንግዳው አልደረሰም ማለቴ ነው? ወይስ በዓሉ የልደት በዓል ነው ማለቴ? ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም። ጆሯችን ግን ወዲያው ይለየዋል። ለክፍል ፕሮጀክት ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። የላላው «ና» እና የጠበቀው «ና» በርዝመት ምን ያህል ይለያያሉ? ዓረፍተ ነገሩ ጥያቄ ሲሆንስ ድምፁ ስንት ይወጣል? ሁለቱም ጥያቄ በፕራት ይመለሳል። ፕራት በአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ነፃ ፕሮግራም ነው፤ ከ praat.org ይወርዳል።

ከቀረጻው በፊት ቦታ ምረጡ። ጎንደር ላይ ይህ ቀላል አይደለም። ክረምት ከሆነ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ሁሉን ነገር ይሸፍነዋል። መንገድ ዳር ያለ ክፍል ደግሞ የባጃጁን ድምፅ ይዞ ይመጣል። እኔ ጋቢና ብርድ ልብስ በተከመረበት መኝታ ቤት፣ ከሰዓት በኋላ፣ መስኮት ዘግቼ ነው የቀዳሁት። ጨርቅ የግድግዳውን ማስተጋባት ይቀንሳል። ማይኩን ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል አርቁትና ትንሽ ወደ ጎን አድርጉት፤ ፊት ለፊት ከሆነ ትንፋሽ ይመታዋል።

ለተናጋሪው ጽሑፍ አትስጡት፤ ጽሑፉ ራሱ አሻሚ ነው። ሁኔታ ንገሩት። «እንግዳው ደረሰ?» በሉትና «ገና ነው» ይበላችሁ። «ታኅሣሥ 29 ምን በዓል ነው?» በሉትና እንዲሁ ይመልስ። ከዚያ ሁለቱንም በጥያቄ እንዲላቸው አድርጉ፤ «እንዴ» እንዳይጨምር ብቻ ንገሩት። አራት ዓረፍተ ነገር ሆነ ማለት ነው። እያንዳንዱን አምስት ጊዜ፣ እያቀያየራችሁ አስብሉት። አንድ ጊዜ የተባለ ነገር ምንም አያሳይም።

አሁን ፕራትን ክፈቱ። `New` ውስጥ `Record mono Sound...` የሚለውን ንኩ፤ `44100` ምረጡና `Record` በሉ። የድምፅ መጠኑን የሚያሳየው መስመር ቀይ ከሆነ ድምፁ ተቆርጧል። በኋላ ሲታይ የሞገዱ ጫፍ በመቀስ የተከረከመ ይመስላል፤ ይህ አይጠገንም፤ እንደገና ቅዱ። ሲያበቃ ወደ ዝርዝሩ አስገቡትና በ WAV አስቀምጡት። በስልክ ከቀዳችሁም በ WAV ይሁን። በቴሌግራም ስትልኩት እንደ ፋይል እንጂ እንደ ድምፅ መልእክት አትላኩት፤ የድምፅ መልእክት ይጨመቃል።

ድምፁን መርጣችሁ `View & Edit` በሉ። ከላይ ሞገዱ፣ ከታች ስፔክትሮግራም፣ ማለትም የድምፁ ኃይል በየድግግሞሹ እንዴት እንደተከፋፈለ የሚያሳይ ግራጫ ሥዕል፣ ይታያል። «ና»ን ቀስ ብላችሁ ፈልጉ። አናባቢው ላይ ሞገዱ ሰፊ፣ ስፔክትሮግራሙም ጥቁር ነው። «ን» ላይ ሲደርስ ሞገዱ በድንገት ይጠባል፤ ከላይ ያሉት ጥቁር መስመሮችም ይደበዝዛሉ። አናባቢው ሲመለስ እንደገና ይጠቁራሉ። በነዚህ ሁለት ለውጦች መካከል ያለው ነው «ን»። በማውስ ምረጡትና `Tab` ተጭናችሁ ስሙት። «አ» ከተሰማ ጠርዙን አልፋችኋል። ርዝመቱ ከታች በሰከንድ ይጻፋል፤ 0.065 ማለት 65 ሚሊሰከንድ ነው።

ፈጥኖ የሚናገር ሰው ሁሉንም ነገር ስለሚያሳጥር የቃሉንም ርዝመት ለኩ። የ«ገ» መጀመሪያ ያታልላል፤ አየሩ በድንገት ከሚለቀቅበት ፍንዳታ በፊት አፍ የተዘጋበት ጊዜ የት እንደጀመረ በግልጽ አይታይም። ስለዚህ ከፍንዳታው ጀምሩ፤ በሁሉም ላይ እንደዚያው አድርጉ። ለምሳሌ የላላው «ን» 65፣ ቃሉ 300 ቢሆን የቃሉ 22 በመቶ ገደማ ነው። የጠበቀው 130፣ ቃሉ 380 ቢሆን 34 በመቶ ይሆናል።

ወደ ድምፁ ከፍታ ስንመጣ፣ ፒች መስመሩ ካልታየ በ `Pitch` ሜኑ አብሩት። ዓረፍተ ነገራችን የተመረጠው ለዚህም ነው፤ ሁሉም ድምፆቹ ነዛሪ፣ ማለትም የድምፅ አውታሮች እየነዘሩ የሚወጡ፣ ስለሆኑ መስመሩ ብዙም አይቋረጥም። ጠቋሚውን «ነው» ላይ ባለው አናባቢ መነሻና በመጨረሻው ከፍታ ላይ አድርጉ፤ `F5` ስትጫኑ ቁጥሩ በሄርዝ ይመጣል። መስመሩ በድንገት በግማሽ ቢወድቅ ወይም እጥፍ ቢሆን ሰውየው አይደለም፤ ፕራት ተሳስቷል። ጆሯችሁ ዝላዩን ካልሰማ የፒቹን ወሰን አስተካክሉ፦ ለወንድ ከ75 እስከ 300፣ ለሴት ከ100 እስከ 500 ጥሩ መነሻ ነው። ዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ድምፁ ከሻከረ ግን ምንም ወሰን አያድነውም። ያንን ቦታ ዝለሉት፤ መዝለላችሁንም ጻፉ።

ሄርዝን በሄርዝ አታወዳድሩ። አንዲት ሴት ከ180 ወደ 240፣ አንድ ወንድ ከ90 ወደ 120 ቢወጡ ልዩነቱ 60 እና 30 ነው። ለጆሮ ግን እኩል ወጥተዋል። በፕራት `Calculator...` ላይ ይህን ጻፉ፦

```
12 * log2 (240 / 180)
```

4.98 ይመጣል፤ ወደ 5 ሴሚቶን ገደማ ማለት ነው፤ ሴሚቶን የድምፅ ከፍታን ልዩነት በጥምርታ የሚለካ አሃድ ነው። የወንዱንም ብታስገቡ ያው ነው። በሰንጠረዣችሁ ላይ የሚገባው ይህ ቁጥር ነው፤ ከጎኑ የ«ን» ርዝመትና የቃሉ ድርሻ።