«ምስጢርዎን ለማን ነገርሁ?»፦ በምስጢር ጠባቂነት ውል ላይ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ባሕር ዳር ወደሚገኘው ቢሮዬ አንዲት የዓሣ ነጋዴ አንድ ገጽ ውልና አንድ የተጨማደደ ደብተር ይዘው መጡ። ወይዘሮዋ ከዘጌና ከከተማዋ ዳርቻ ከሚወጡ አሥራ አራት አጥማጆች ቀረሶና አምባዛ እየተረከቡ፣ ፊሌቶ አስወጥተው በበረዶ ሳጥን ወደ አዲስ አበባ ምግብ ቤቶች የሚልኩ ናቸው፤ ከዚህም ሌላ አምባዛን በራሳቸው ዘዴ አጭሰው ይሸጣሉ። ማቀዝቀዣ መኪና ያለው አንድ ባለሀብት «በሽርክና እንሥራ» ብሎ መጥቶ ለአምስት ወር ያህል ሲነጋገሩ ከቆዩ በኋላ ነገሩ ሳይሳካ ቀረ። ከሁለት ወር በኋላ የሰውዬው መኪና ከንጋቱ 11 ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ቆሞ፣ ከእነዚያው አጥማጆች በኪሎ ጥቂት ብር እየጨመረ ሲረከብ ታየ። ደውለው ቢጠይቁት «እትዬ፣ ምስጢርዎን ለማን ነገርሁ?» አላቸው። ውሉን ሳነበው ሰውዬው እውነቱን ነበር። (ስለ ምስጢር እየጻፍሁ የደንበኛን ምስጢር እንዳላወጣ፣ ማንነታቸውን የሚጠቁመውን ዝርዝር ለውጬዋለሁ።)

መናገርን ብቻ ከልክሎ መጠቀምን መርሳት

የወይዘሮዋ ውል ዋናው አንቀጽ «ተቀባዩ ወገን የሰጪውን ወገን ምስጢር ለሦስተኛ ወገን አይገልጽም» ይል ነበር፤ ስለ መጠቀም ግን አንዲት ቃል አልነበረበትም። ባለሀብቱ ያየውን ለማንም አልነገረም፤ ራሱ ሠራበት እንጂ። የውሉ መጠሪያ ራሱ ሰውን ያዘናጋል፤ «ምስጢር ጠባቂነት» ሲባል አፍን መዝጋት ብቻ ስለሚመስል፣ አርቃቂው በንግድ ንግግር ውስጥ የሚያሰጋው ወሬኛ ሳይሆን ተፎካካሪ መሆኑን ይዘነጋዋል።

ስለዚህ ግዴታው ሁለት እግር ሊኖረው ይገባል። አንደኛው አለመግለጽ ነው። ሁለተኛው፣ መረጃውን በውሉ ውስጥ ከተጻፈው ዓላማ ውጭ አለመጠቀም ነው፤ ዓላማውም ጠበብ ተደርጎ መጻፍ አለበት። «ለንግድ ትብብር» የሚለው ሐረግ ሰፊ በር ነው፤ «ሁለቱ ወገኖች የዓሣ ማከፋፈያ ሽርክና ማቋቋም ያዋጣቸው እንደሆነ ለመመዘን ብቻ» የሚለው ግን ንግግሩ በከሸፈ ዕለት የመጠቀም ፈቃዱንም አብሮ ይዘጋዋል። መረጃውን ማየት የግድ የሚሆንባቸው ሠራተኞች፣ የሒሳብ ባለሙያና ጠበቃ ሲኖሩ፣ ተቀባዩ እነሱ ለሚያጠፉትም ኃላፊ መሆኑ በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢጻፍ ይበቃል።

«ማንኛውም መረጃ ምስጢር ነው» ብሎ መጻፍ

ይህ አጻጻፍ ጠንካራ ይመስላል፤ ክርክር ሲነሳ ግን ደካማ ሆኖ ይገኛል፤ ሁሉም ነገር ምስጢር ነው የተባለ እንደሆነ ዳኛው የትኛው ምስጢር እንደሆነ የሚለይበት ነገር አያገኝም። የወይዘሮዋን ጉዳይ ነጥብ በነጥብ እንየው።

አጥማጆቹ እነማን እንደሆኑ ምስጢር ነውን? አይደለም፤ በማለዳ ወደ ሐይቁ ዳር የወረደ ሰው ሁሉ ያያቸዋል፣ ስማቸውንም ጠይቆ ይረዳል። ዓሣ የሚገዙት ምግብ ቤቶችስ? የእነሱም ስም በራቸው ላይ ተጽፏል። ደብተሩ ግን ሌላ ነገር ነው። በእስክሪብቶ በተሰመረው ሠንጠረዥ ውስጥ እያንዳንዱ አጥማጅ በየትኛው ቀን ስንት ኪሎ እንደሚያመጣ፣ በስንት ብር እንደሚያስረክብ፣ ለመረብ መግዣ ስንት ብር ቅድሚያ እንደወሰደና ምን ያህሉ እንደቀረበት ሰፍሯል፤ በጀርባው ደግሞ የትኛው ምግብ ቤት በሳምንት ስንት ኪሎ እንደሚያዝና በስንት ቀን እንደሚከፍል ተመዝግቧል። ለየብቻቸው ቢታዩ ብዙዎቹን ሰው ጠይቆ ሊደርስባቸው የሚችሉ ነገሮች፣ በዓመታት ልፋት በአንድ ላይ ሲሰበሰቡ ግን ማንም በአንድ ሳምንት ሊያገኘው የማይችል ሀብት ይሆናሉ። ስለዚህ ውሉ ነጠላ መረጃዎችን ብቻ ሳይሆን የስብስቡንም ምስጢርነት በግልጽ ሊናገር ይገባል። የአምባዛው አጫጫስም እንዲሁ ነው፤ ዓሣ ማጨስ ጥንታዊ ዘዴ በመሆኑ ምስጢር ሊባል አይችልም፤ የጨው መጠኑ፣ የእንጨቱ ዓይነትና ጢሱ የሚቆይበት ሰዓት ግን ነው።

እኔ ሦስት ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ መረጃው በመደበኛ መንገድ ለሌላው ነጋዴ የማይታወቅ ነውን? ባለመታወቁ ገንዘብ ያስገኛልን? ባለቤቱስ ጠብቆታልን? የመጨረሻው ብዙ ሰው ይጥላል፤ ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ ክፍት ትቶ ለመጣ ለሄደው የሚያሳይ ሰው፣ ኋላ ምስጢር ነበር ቢል የሚያምነው አያገኝም።

ከትርጓሜው ቀጥሎ ምን ምስጢር እንዳልሆነ መጻፍ አለበት፤ ይህም ለተቀባዩ የሚደረግ ቸርነት ሳይሆን የውሉን ተአማኒነት የሚጠብቅ ነው። ያለ ተቀባዩ ጥፋት ለሕዝብ የታወቀ፣ ተቀባዩ ከንግግሩ በፊት ያውቀው የነበረ፣ የመናገር መብት ካለው ሌላ ሰው ያገኘው፣ እንዲሁም መረጃውን ሳይጠቀም በራሱ ጥረት የደረሰበት ነገር ከግዴታው ውጭ ይሆናል። ነገር ግን «አስቀድሞ አውቀው ነበር» የሚለው ወገን በጽሑፍ ማስረጃ እንዲያስረዳ ሸክሙ በእሱ ላይ ይጣልበት፤ አለዚያ ይህች ቀዳዳ መላውን ውል ታፈስሳለች። ፍርድ ቤት ወይም የግብር ባለሥልጣን በሕግ መሠረት ሲያዝ መስጠትም ጥሰት አይሆንም፤ የሚቻል ሲሆን ግን ለባለቤቱ አስቀድሞ ማሳወቅ ይገባል።

በቃልና በቴሌግራም የተሰጠውን ከውሉ ውጭ መተው

ወይዘሮዋና ባለሀብቱ መጀመሪያ የተገናኙት ሐይቁ ዳር ቡና ላይ ነበር፤ ውሉ የተፈረመው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። በዚያ መካከል ወይዘሮዋ የደብተሩን አራት ገጽ በስልክ ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም ልከውለታል። ውሉ ግን ምስጢር የሚለው «ከፊርማ በኋላ የሚሰጥና ‹ምስጢራዊ› የሚል ምልክት ያለበትን ሰነድ» ስለነበር፣ የገጾቹ ፎቶ በሁለቱም መስፈርት ወደቀ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ውሉ «ከዚህ ቀን ጀምሮ» ብሎ የመጀመሪያውን ንግግር ቀን ይጥቀስና ከፊርማው በፊት የተሰጠውንም በስሙ ይያዝ። ምልክትን በተመለከተ ደግሞ፣ በቃል የተነገረ ነገር በአሥር ቀን ውስጥ በአጭር ጽሑፍ ከተረጋገጠ እንደ ምስጢር እንዲቆጠር መስማማት ይቻላል፤ «ዛሬ ስለ አጥማጆቹ ቅድሚያ ክፍያና ስለ ምግብ ቤቶቹ የሳምንት ትእዛዝ የነገርሁዎት በውላችን መሠረት ምስጢር ነው» የምትል አንዲት መልእክት በቂ ናት። መልእክቱ ምስጢሩን ራሱን መድገም አያስፈልገውም፤ ርእሱን መጥቀስ ይበቃዋል።

የውሉን ዕድሜና የግዴታውን ዕድሜ ማምታታት

በወይዘሮዋ ውል ላይ ሌላም ጉድ ነበረበት፦ «ይህ ውል ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ ለስድስት ወር ይጸናል» ይላል። ንግግሩ ራሱ አብዛኛውን ጊዜ በላው፤ መኪናው ሐይቁ ዳር ሲታይ ውሉ ዘመኑ አልፎ ነበር። እንግዲህ መጠቀምን የሚከለክል አንቀጽ ቢኖርም እንኳ ባልጠቀማቸው ነበር።

ሁለት ሰዓት እንደሚቆጠር ማሰብ ይጠቅማል። አንደኛው መረጃ የሚለዋወጡበት ዘመን ሲሆን፣ ስድስት ወር ወይም አንድ ዓመት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው ግዴታው የሚቆይበት ዘመን ሲሆን፣ መቆጠር ያለበት ከፊርማው ሳይሆን ንግግሩ ካበቃበት ወይም የመጨረሻው መረጃ ከተሰጠበት ቀን ነው። ይህን ሁለተኛውን ለሁሉም መረጃ በአንድ ቁጥር መወሰንም ስህተት ነው። የኪሎ ዋጋ በየወሩ ስለሚለዋወጥ አንድ ዓመት ቢጠበቅ ይበቃዋል። የአጥማጆቹና የምግብ ቤቶቹ ሠንጠረዥ ግን ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ዋጋ ይኖረዋል። የአጫጫሱ ዘዴ ያለ ተቀባዩ ጥፋት በይፋ እስኪታወቅ ድረስ ሊጠበቅ ይገባዋል።

እዚህ ላይ ግን «ለዘላለም» ብሎ ወይም ጊዜውን ባዶ ትቶ መፈረም ራሱን የቻለ አደጋ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጊዜው ያልተወሰነን ውል አንዱ ወገን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ እንዲያቋርጥ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ዘላለም ያሉት ግዴታ በአንድ ደብዳቤ ሊያበቃ ይችላል የሚል ክርክር ይከፈታል። እኔ የምመርጠው «ዘዴው በይፋ እስኪታወቅ ድረስ፣ በማናቸውም ሁኔታ ግን ከአምስት ዓመት ባላነሰ ጊዜ» የሚል አጻጻፍ ነው። በሕጉ ቁጥር 1845 የተደነገገውን የአሥር ዓመት ይርጋ የግዴታው ዕድሜ አድርገው የሚወስዱም አጋጥመውኛል፤ ይርጋው ጥሰት ከተፈጸመ በኋላ ክስ የሚቀርብበት ጊዜ እንጂ ምስጢሩ የሚጠበቅበት ዘመን አይደለም።

ከኢንተርኔት የተወሰደ የውጭ ናሙና ሲተረጎም ደግሞ የዘመን አቆጣጠር ይጣረሳል። «እስከ 10/05/2027» ተብሎ የተጻፈ ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር ከሆነ ግንቦት 2 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው፤ በኛ አቆጣጠር ከተነበበ ግን ጥር 10 ቀን 2027 ዓ.ም. ሆኖ ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ ይርቃል። ወሩን በፊደል መጻፍና «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማለት ይህን ክርክር ከሥሩ ይነቅለዋል።

ካሣን ሳይወስኑ መፈረም

ምስጢር ሲጣስ ጉዳቱን በብር ማስረዳት አስቸጋሪ ነው፤ አጥማጁ የሄደው በሠንጠረዡ ምክንያት ነው ወይስ በተጨመረለት ብር? የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 1889 ጀምሮ ተዋዋዮች የካሣውን ልክ አስቀድመው በውል እንዲወስኑ ስለሚፈቅድ፣ ከሣሹ የደረሰበትን ጉዳት ልክ በብር ከማስረዳት ሸክም ይገላገላል። መጠኑ ግን ከንግዱ ጋር የሚመጣጠን ይሁን። እንዲህ ያለውን ውል በጽሑፍ ማድረግ በመርሕ ደረጃ ግዴታ ባይሆንም፣ በጽሑፍ መሆን አለባቸው ለሚባሉ ውሎች ቁጥር 1727 የሚጠይቀውን የተዋዋዮች ፊርማና የሁለት ምስክሮች ፊርማ ማሟላት ይበጃል፤ የሚፈርመው ሰውም በንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው ባለቤት ወይም ድርጅቱን ወክሎ ለመፈረም ሥልጣን ያለው ሥራ አስኪያጅ መሆኑ ይታይ።

ወይዘሮዋ በቀድሞው ውል ክስ አላቀረቡም። በቅርቡ ከሌላ ሰው ጋር ለመነጋገር ሲነሡ ግን ባለ ሁለት ገጽ ውል አረቀቅንላቸው፤ የደብተሩን ገጾች ቁጥር በአባሪነት አስቀመጥን፤ ደብተሩን እዚያው ፊታቸው እንዲያይ እንጂ ፎቶ እንዳያነሣም ጻፍንበት።