«በስምዎ ለግሰናል» ከማለታችን በፊት

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካለ መሥሪያ ቤት፣ ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት ያሳለፉ እናት ጡረታ ወጡ እንበል። ሃያ ባልደረቦች አምስት አምስት መቶ ብር አዋጥተው 10,000 ብር ሞላ። አንዱ ተነሥቶ «ዕቃ ምን ያደርግላቸዋል? በስማቸው ለአረጋውያን መርጃ እንስጠው» አለ፤ ተጨበጨበ። በሽኝቱ ዕለት እናታችን የተቀበሉት ፖስታ ውስጥ የባንክ ደረሰኝ ብቻ አለ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉ። ሌላ ምን ሊሉ ይችላሉ?

የመጀመሪያው ስህተት መዋጮውን በሙሉ ማዞር ነው። ገንዘቡ የተሰበሰበው ለእርሳቸው ነበር። ከነገ ጀምሮ የሚያገኙት ጡረታ ከደመወዛቸው ያነሰ ነው፤ ማታ ቤት ሲገቡ ደግሞ ልጆቻቸው «ምን ሰጡሽ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። የሽኝት ስጦታቸውን ሳያማክሯቸው ለሌላ ስንሰጥባቸው ለጋሽ ተብለን የምንመሰገነው እኛ፣ ከኪሳቸው የወጣባቸው ግን እርሳቸው ናቸው። በ7,000 ብሩ ጋቢ ወይም የሐበሻ ቀሚስ ተገዝቶ 3,000 ብሩ በስማቸው ቢሰጥ ማንም አይከፋም።

ሁለተኛው፣ ድርጅቱን እኛ በወደድነው መምረጥ ነው። የልጅ ልጃቸው ጥቁር አንበሳ ግቢ ባለው የልብ ሕሙማን ሕፃናት ማዕከል ታክሞ ከሆነና ይህንንም ራሳቸው ሲያወሩት ከኖሩ፣ ምርጫው ያለቀ ነው። ካልሆነ ልጃቸውን ደውሎ መጠየቅ ይቀላል።

ሦስተኛውን ወጣቶቹ አያስተውሉትም። በእኛ አገር በአንድ ሰው ስም ነዳያን የሚበሉት ብዙውን ጊዜ ለአርባ ወይም ለሙት ዓመት ነው። ስለዚህ ለአንዲት አዛውንት «በስምዎ ድሆች አብልተናል» ማለት የቁም ተዝካራቸውን ያወጣንላቸው ያስመስላል። ለአንድ ሕፃን ሕክምና መስጠት ከዚህ ያድናል፤ ንግግር የሚያደርገውም ሰው «ለጤናዎ፣ ለዕድሜዎ» ብሎ ቢጀምር መልካም ነው።

አራተኛው የወረቀት ጉዳይ ነው፤ ብዙ ስጦታ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ገንዘብ በባንክ ወይም በቴሌብር ሲላክ ድርጅቱ የሚያየው የላኪውን ስም ነው። የሒሳብ ክፍሉ በማን ስም እንደተሰጠ በምን ያውቃል? ሲላክ «ምክንያት» በሚለው ቦታ የእናታችንን ስም መጻፍ፣ ከዚያም ደረሰኙን ይዞ ሄዶ በስማቸው የምስጋና ደብዳቤ መጠየቅ ያስፈልጋል። ደብዳቤው ፊርማና ማኅተም ስለሚጠብቅ ከሽኝቱ ሳምንት ቀደም ብሎ መጀመር ይበጃል። የብሩ መጠን ባይጻፍበት ይመረጣል፤ ደረሰኙም ከኮሚቴው ፋይል አይውጣ።

እናታችን አስቀድመው «ለእኔ ምንም አትግዙ፣ ለሕፃናቱ ስጡልኝ» ብለው ከሆነ ግን 10,000 ብሩ በሙሉ ይሂድ። ያን ጊዜ ጋቢ ገዝቶ መገኘት ራሱ ቃላቸውን አለመስማት ይሆናል።