ዳሎል በነሐሴ? የበረሃ ጉዞ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ ስልኬ የሚጠራው ለአንድ ዓይነት ጥያቄ ነው። «ሐምሌ መጨረሻ ላይ ከልጆቼ ጋር አገር ቤት እገባለሁ፤ ደናክልን ማየት እንፈልጋለን፤ ስንት ያስከፍላል?» ዋጋ ከመናገሬ በፊት የምመልሰው ሁልጊዜ ያው ነው፦ በዚያ ወር አልወስድዎትም። ጠያቂው ብዙውን ጊዜ ይቀየማል። እንግዲህ ደግሜ ደጋግሜ በስልክ የምናገረውን እዚህ ልጻፈውና ቢያንስ የሚቀየመው ሰው ምክንያቱን ይወቅ።

ወሩን በአዲስ አበባ ሰማይ መምረጥ

ይህን ስህተት የሚሠሩት በአብዛኛው ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመጡ ወገኖቻችን ናቸው። የልጆች ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ ነውና አይፈረድባቸውም። ቦሌ ሲወርዱ ዝናብ ይቀበላቸዋል፤ ሹራብ ይደርባሉ፤ የቀኑ ሙቀት ከ20 ዲግሪ ብዙም አይርቅም። «አገሩ ሁሉ ቀዝቅዟል፤ በረሃውም በዚህ ጊዜ ይሻላል» ብለው ይደመድማሉ። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ በደናክል ያለው ዳሎል ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ወርዶ ይገኛል። የክረምቱ ዝናብ ደጋው ላይ ይራገፋል፤ ወደ ስምጡ ወለል የሚደርሰው ጥቂት ነው። እኛ ጃንጥላ በምንይዝበት ወቅት እዚያ ፀሐይዋ ከራስ በላይ ቆማለች።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1960 እስከ 1966 ዳሎል ላይ በተወሰደ ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴልሺየስ ሆኖ ተገኝቷል። ሰው ይኖርበት ከነበረ ስፍራ ከተመዘገቡት አማካዮች ሁሉ ከፍተኛው ይኸው ነው። ልብ በሉ፤ ይህ ቀኑም ሌሊቱም፣ ጥርም ሰኔም ተደምሮ ነው። ከግንቦት መጨረሻ እስከ ጳጉሜን የቀኑ ሙቀት ከ45 ዲግሪ በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው፤ ሌሊቱም ከ30 ዲግሪ በታች እምብዛም አይወርድም። ሰው ቀኑን በሙቀት ቢንገላታ ሌሊቱ ካቀዘቀዘው ያገግማል። ሌሊቱም ከሞቀ ግን ሰውነት የቀኑን ዕዳ ሳይከፍል ሌላ ዕዳ ይጨመርበታል። ሰው የሚወድቀውም አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ቀን ነው።

አንድ አባት «እኛ አሪዞና ነው የምንኖረው፤ ሙቀት አያስደነግጠንም» ብሎኝ ነበር። አሪዞና ቤቱም መኪናውም የገበያ አዳራሹም ማቀዝቀዣ አለው፤ ሙቀቱን የሚያዩት ከመኪና ወርደው በር እስኪከፍቱ ድረስ ነው። እምቢ ስለው ሌላ ወሳጅ አግኝቶ በነሐሴ ወረደ። ከሳምንት በኋላ ራሱ ደውሎ እንደ ነገረኝ ትንሹ ልጁ በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ራሱን ያመው፣ ከዚያ ያስመልሰው፣ ማታ ደግሞ የሚናገረው ይምታታበት ጀመር። ይህ የመጨረሻው ምልክት ቀልድ አይደለም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ በጥላ፣ በዕረፍትና በሚጠጣ ነገር ይመለሳሉ፤ ንግግር ሲምታታ ግን ሰውነት ራሱን ማቀዝቀዝ አቅቶታል ማለት ነው። እዚያው ልብሱን በውኃ አርሶ እያራገቡ፣ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም መሮጥ ያስፈልጋል። ሐኪሙ ደግሞ ከዚያ የብዙ ሰዓት መንገድ ነው። ሾፌሩ ሌሊቱን ነድቶ አወጣቸው፤ ልጁም ዳነ።

ስለዚህ ወሩ ከኅዳር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ይሁን። ያኔም ቢሆን ቀኑ 35 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል፤ ሌሊቱ ግን ያስተኛል። ጥምቀትን ጎንደር አክብሮ ወደ አፋር መውረድ የሚያምር ጉዞ ነው። እረፍታችሁ በሐምሌ ብቻ ከሆነና ልጆቹ የግድ ቆላ ማየት ካለባቸው ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ውሰዷቸው። ከፍታው 1,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ሳላ አለ፤ ፍልውሃ አለ፤ ከአዲስ አበባም ከግማሽ ቀን ያነሰ መንገድ ነው።

ፎቶግራፍ አይቶ ቦታ መምረጥ

የአሸዋ ክምር ፈልጎ ደናክል የሚመጣ ሰው አሁንም አልጠፋም። የአሸዋ ክምር እምብዛም የለም። ያለው በአብዛኛው ጨው፣ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይና አሲድ ነው።

ከዚያ የሚከብደው ግን ፎቶግራፉ እውነተኛ ሆኖ ጊዜው ያለፈበት ሲሆን ነው። ኤርታሌ ላይ በጉድጓድ ውስጥ የሚንተከተከውን የቀለጠ ድንጋይ ሐይቅ ሁሉም ሰው አይቶታል። በጥር 2009 ዓ.ም. ግን የተራራው ጎን ተሰነጠቀና ሐይቁ ወረደ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ጊዜ ይታያል፣ ሌላ ጊዜ ጭስ ብቻ ነው። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. ተራራው እንደገና ፈነዳ። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ደግሞ ጎረቤቱ ሃይሊ ጉቢ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻገረ፤ በአፍዴራ አካባቢ ያሉ መንደሮችም አመድ ለበሱ። እሳት አሳያችኋለሁ ብሎ ቃል የሚገባ ሰው ካጋጠማችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ። መጠየቅ ያለበት «ባለፈው ሳምንት የወጡ ሰዎች ምን አዩ? መውጣትስ ተፈቅዷል?» ተብሎ ነው።

ዳሎልም እንዲሁ ነው። ቢጫው ድኝ፣ ቀዩ የብረት ዝገት፣ አረንጓዴው የአሲድ ኩሬ የሚቆየው ከሥር የሚወጣው ፍል ውኃ እስካልደረቀ ድረስ ነው። ምንጩ ቦታ ሲቀይር ትናንት ያበራ የነበረው ዛሬ ቡናማ ቅርፊት ሆኖ ይቀራል። ሰዎች ያንን ያዩና «ይኸው ነው?» ይላሉ። ሃምሳ እርምጃ ወደ ጎን መራመድ ይበቃል፤ አዲሱ ምንጭ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አካባቢ ነው። የአካባቢው መሪ በየሳምንቱ የትኛው እንደሚሠራ ያውቃል፤ የእርሱን ዱካ ተከተሉ። ይህ ለውበቱ ብቻ አይደለም። በኩሬው ጠርዝ ያለው ቅርፊት አንዳንዱ እንደ ብስኩት ስስ ነው፤ ከሥሩ ያለው ፍል አሲድ ነው። ክፍት ጫማ አድርጎ የመጣን ሰው ከመኪና አላወርድም።

ጋኤታሌ የምትባለው ኩሬ ዳር ልጆችን አታስጎንብሱ። ከውኃው የሚወጣው ጋዝ ከአየር ይከብዳልና ነፋስ በሌለበት ሰዓት መሬት ለመሬት ይተኛል፤ በዙሪያዋ የሞቱ ወፎች የሚታዩት ለዚያ ነው።

ቀኑን እንደ ከተማ ቀን መከፋፈል

ቁርስ በ2 ሰዓት፣ ጉብኝት በ4፣ ምሳ በ7። ይህ ለላሊበላ ይሆናል፤ እዚህ ግን ቀኑ ሁለት ጫፍ ብቻ ነው ያለው። ከንጋቱ 11 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 4 ሰዓት ይሠራል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል በኋላ እንደገና ይሠራል። መካከሉ የጥላ ነው። «እዚህ ድረስ መጥተን እንተኛ?» የሚሉኝን ሰዎች አውቃቸዋለሁ፤ ማታ ጨው ሐይቁ ላይ ሁሉም ፎቶግራፍ ሲያነሳ ከመኪናው የማይወርዱት እነርሱ ናቸው።

ከሰመራ የሚነሳ አራት ቀን እንዲህ ይደለደላል። በመጀመሪያው ቀን እስከ አፍዴራ ሐይቅ ብቻ ነው። ከደጋ የወረደ ሰውነት በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከምንም በላይ ይደክማል፤ ማታ በሐይቁ ዳር ባለው ፍልውሃ መታጠብ ይበቃዋል። በሁለተኛው ቀን ወደ ኤርታሌ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ግርጌው ላይ አርፎ በጨለማ ይወጣል። ድሮ ከግርጌው ሰፈር ከዶዶም ተነስቶ ሦስት አራት ሰዓት በእግር ነበር፤ አሁን መኪናው በጣም ይጠጋል። አዲሱ ጥቁር ቅርፊት ግን ከእግር ሥር እየተሰበረ ቁርጭምጭሚት ይቆርጣል፤ ረጅም ጫማና የራስ ባትሪ ያስፈልጋል። ነፋሱ ጭሱን ወደ እናንተ ካዞረው ወደ ኋላ መመለስ ነው፤ አስም ያለበት ሰው ደግሞ ባይወጣ ይመረጣል። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተወርዶ ለዳሎል ቅርብ ወደሆነችው ሐመድኤላ መንደር ይነዳል። ብዙ ወሳጆች በዚያው ቀን ዳሎልን ሊጨምሩበት ይሞክራሉ። አትቀበሉ። ሌሊት ያልተኛ ሰው በ7 ሰዓት ፀሐይ ዳሎል ላይ ምንም አያይም። ይልቅ ጥላ ሥር ተኙና 11 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ አሳሌ ሐይቅ ውጡ። ጨዉ ደረቅ ከሆነ ወለሉ እንደ ማር እንጀራ ተከፋፍሎ ይታያል፤ ስስ ውኃ ካለበት ሰማዩ ተገልብጦ ይተኛበታል። በአራተኛው ቀን ገና ሳይነጋ ዳሎል ነው፤ 4 ሰዓት ላይ ጥቅልላችሁን አስራችሁ ትወጣላችሁ። አሞሌ የሚጠርቡትን ሰዎችና ግመሎቻቸውን ማየት የሚቻለውም በዚሁ ጠዋት ነው።

ማታ ጎጆ ውስጥ ልተኛ አትበሉ። ውጭ፣ በገመድ አልጋው ላይ ይቀዘቅዛል።

ውኃ ብቻ መጠጣት፣ ወይም በጾም መውረድ

ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር የሚጠጣ ውኃ እይዛለሁ። ለአራት ሰው ለአራት ቀን 80 ሊትር ይሆናል፤ በላዩ ላይ አንድ ጀሪካን መጠባበቂያ። ጥማት እስኪመጣ መጠበቅ አያዋጣም። ላቡ ሳይታይ ይደርቃልና ሰው ያላበው አይመስለውም፤ ከሰዓት በኋላ ጥቁር ከነቴራ የለበሰን ሰው ጀርባ ተመልከቱ፣ ጨው ነጭ መስመር አስምሮበታል። የወጣው ጨው በምግብ ወይም በኦአርኤስ መተካት አለበት። አንዱ ከረጢት በአንድ ሊትር ይበጠበጣል፤ ከሰዓት በኋላ አንድ ይበቃል። ውኃ ብቻ እየደጋገመ ምግብ የሚዘጋ ሰው ራሱን ሲያመው «ገና አልጠጣሁም» ብሎ ሌላ ውኃ ይጨምራል፤ ያኔ ይብስበታል። ሽንት ጠቁሮ ከታየ ግን በእርግጥም አልጠጣችሁም።

የገና ጾም የሚውለው ለጉዞ በሚመቹት ወራት ላይ ነው። እስከ 9 ሰዓት ውኃ ሳይቀምሱ እውላለሁ የሚሉ እናቶች አጋጥመውኛል። የንስሐ አባትዎን አስቀድመው ያማክሩ፤ አለበለዚያ ጉዞው ከገና በኋላ ይሁን። ረመዳንም በእነዚህ ዓመታት ወደ የካቲትና ጥር እየገባ ነው። ሾፌሩም መሪውም ጾመኞች ናቸውና ረጅሙን መንገድ ከሰዓት በኋላ አታስነዷቸው።

ሌሎቹ በአጭሩ

ቁምጣና አጭር እጅጌ አያቀዘቅዝም፤ ሰፊ ጥጥ ልብስና ነጠላ ይሻላል፣ ነጠላው ለአቧራውም ለድኙ ጭስም ያገለግላል። የአካባቢው ፈቃድ፣ መሪና አጃቢ ግዴታ ነው፤ ያለ እነርሱ እወስዳለሁ የሚል ዋጋ ርካሽ ቢሆን አያስገርምም። አንድ መኪና ብቻውን አይውረድ።

የመመለሻ በረራ በአራተኛው ቀን ማታ መቁረጥ ደግሞ አሁንም የማየው ነገር ነው። ጎማ አንዴ ጨው ውስጥ ከሰጠመ ሦስት ሰዓት ይሄዳል፤ ሾፌሩም ያንን ለማካካስ ሲል በጨለማ ይነዳል። ትኬቱን ለአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ቁረጡት።