ከተበታተኑ የጠርዝ ነጥቦች ቀጥታ መስመርን በድምፅ ቆጠራ እንዴት ማግኘት ይቻላል? የሃፍ ትራንስፎርም በአምስት ነጥቦች

ፎቶግራፍ ብርሃኑ በድንገት የሚለወጥባቸውን ፒክስሎች በሚለይ የጠርዝ መፈለጊያ ካለፈ በኋላ በእጃችን የሚቀረው የነጥቦች ዝርዝር እንጂ መስመር አይደለም። ዓይናችን ነጥቦቹን ያለ ድካም ያያይዛቸዋል፤ ፕሮግራሙ ግን የትኛው ነጥብ ከየትኛው ጋር እንደሚሰለፍ የሚያውቅበት ነገር የለውም። ይህ ጽሑፍ በእጅ ሊሰሉ በሚችሉ አምስት ነጥቦች ላይ የሃፍ ትራንስፎርም የሚባለውን ዘዴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያሳያል። ነጥቦቹ 7 በ 7 ፒክስል ከሆነች ትንሽ ምስል የተገኙ ናቸው እንበል፦ ሀ (1,5)፣ ለ (2,4)፣ ሐ (4,3)፣ መ (6,0) እና ሠ (6,5)። የመጀመሪያዎቹ አራቱ ከአንድ ዘንበል ያለ ጠርዝ የመጡ ሲሆኑ፣ ሐ በፒክስል መጠጋጋት ምክንያት ትንሽ ወጣ ብሏል። ሠ ደግሞ ከጠርዙ ጋር ግንኙነት የሌለው ባዕድ ነጥብ ነው።

ለአምስቱም በአንድ ጊዜ በትንሹ ካሬ ዘዴ፣ ማለትም የስሕተቶቹን ካሬ ድምር በሚያሳንስ ስሌት፣ መስመር ማስማማት ብዙዎች በቅድሚያ የሚያስቡት አቋራጭ ነው፤ እኔ ግን አልመክረውም። ለአራቱ ነጥቦች ብቻ ሲሰላ የመስመሩ ተዳፋት −0.95 ገደማ ይሆናል፤ ሠ ሲጨመር ግን −0.46 ላይ ያርፋል። አንድ ባዕድ ነጥብ ተዳፋቱን በግማሽ ያህል ካዛባው፣ ባዕድ ነጥቦች በሞሉበት እውነተኛ ምስል ላይ ውጤቱ ምን ሊሆን እንደሚችል መገመት አያዳግትም። ስለዚህ መስመር ከማስማማታችን በፊት የትኞቹ ነጥቦች አብረው እንደሚሄዱ ማወቅ ይኖርብናል።

1. መስመሩን በሁለት ቁጥሮች መግለጽ

የዘዴው መነሻ እያንዳንዱ ነጥብ በላዩ ሊያልፉ ለሚችሉ መስመሮች ሁሉ ድምፅ እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ብዙ ነጥቦች በጋራ የመረጡት መስመር ያሸንፋል። ለዚህም እያንዳንዱን መስመር በሁለት ቁጥሮች መግለጽና ለእያንዳንዱ የቁጥር ጥንድ አንድ የድምፅ ሳጥን ማዘጋጀት ያስፈልጋል።

ፖል ሃፍ እ.ኤ.አ. በ1962 በአሜሪካ ባገኘው ፓተንት፣ ቅንጣቶች በፈሳሽ ውስጥ አረፋ እየተዉ በሚያልፉበት የአረፋ ክፍል ፎቶግራፎች ላይ የቅንጣቶችን ዱካ ለመለየት የተጠቀመው ተዳፋትንና የዘንግ መቁረጫን ነበር፤ ማለትም በ y = mx + c ውስጥ ያሉትን m እና c። ችግሩ ቀጥ ብሎ የቆመ መስመር ተዳፋት ወሰን የሌለው መሆኑና የሳጥኖቹም ብዛት ማለቂያ ማጣቱ ነው። ዱዳ እና ሃርት እ.ኤ.አ. በ1972 ይህን በማዕዘንና በርቀት ተኩት፦

```
ρ = x·cos θ + y·sin θ
```

ρ ከመነሻው ነጥብ እስከ መስመሩ ያለው ቀጤ ነክ ርቀት ሲሆን፣ θ ደግሞ ያ ርቀት ከ x ዘንግ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ነው። θ የመስመሩ የራሱ ማዕዘን አለመሆኑን ልብ ይበሉ፤ የቆመ መስመር θ ዜሮ ሲሆን፣ የተኛ መስመር θ 90 ዲግሪ ነው። θን ከ0 እስከ 179 ከወሰድን ρ አሉታዊም ሊሆን ይችላል። በእኛ ምስል ትልቁ ርቀት ከጥግ እስከ ጥግ 8.49 ስለሆነ፣ ከ−9 እስከ 9 ያለው የድምፅ ሳጥኖች ሰንጠረዥ ይበቃናል።

2. ድምፅ ማሰጠት

በእጅ ለማስላት እንዲመች አራት ማዕዘኖችን ብቻ እንውሰድ። ከታች የተዘረዘሩት የ ρ ዋጋዎች ናቸው።

| ነጥብ | 0° | 45° | 90° | 135° |
|---|---|---|---|---|
| ሀ (1,5) | 1 | 4.24 | 5 | 2.83 |
| ለ (2,4) | 2 | 4.24 | 4 | 1.41 |
| ሐ (4,3) | 4 | 4.95 | 3 | −0.71 |
| መ (6,0) | 6 | 4.24 | 0 | −4.24 |
| ሠ (6,5) | 6 | 7.78 | 5 | −0.71 |

በ45 ዲግሪ ሀ፣ ለ እና መ በአንድ ዋጋ ላይ ሲገናኙ ሐ ደግሞ ከአጠገባቸው ይገኛል። በሌሎቹ ዓምዶች የሚታዩት ጥንዶች የአጋጣሚ ናቸው፤ በ0 መ እና ሠ፣ በ90 ሀ እና ሠ፣ በ135 ደግሞ ሐ እና ሠ ተገናኝተዋል። ማናቸውም ሁለት ነጥቦች አንድ መስመር ስለሚወስኑ፣ ሁለት ድምፅ ምንም ነገር አያረጋግጥም።

3. ዋጋውን ወደ ሳጥን ማስገባት

ስሌቱ ቀላል ሆኖ ሳለ ውጤቱ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። 4.24 እና 4.95 በየትኛው ሳጥን እንደሚገቡ የሚወስነው ምስሉ ሳይሆን የእኛ የአጠጋግ ስልት ነው። ወደ ቅርቡ ሙሉ ቁጥር ካጠጋጋን፣ ሀ፣ ለ እና መ ሳጥን 4 ውስጥ ሲገቡ ሐ ብቻውን ሳጥን 5 ውስጥ ይገባል፤ አሸናፊው ሦስት ድምፅ ያገኛል ማለት ነው። ወደ ታች ካጠጋጋን ግን አራቱም ሳጥን 4 ውስጥ ይገቡና አሸናፊው አራት ድምፅ ያገኛል። ነጥቦቹም መስመሩም አልተለወጡም፤ የተለወጠው የሳጥኑ ድንበር ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ ስልት ከሌላው ይሻላል ብሎ መደምደም ስሕተት ነው፤ በሌላ መስመር ላይ ዕድሉ ሊገለበጥ ይችላል።

መፍትሔ ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሳጥኑን ማስፋት ነው፤ ይህ ግን ዋጋ ያስከፍላል። በመጠጋጋት ከተሞላው ሰንጠረዥ አጎራባች የሆኑትን ሳጥን 4 እና 5 ብንደምር፣ በ45 ዲግሪ አራቱንም ድምፆች እናገኛለን። ይሁን እንጂ በ90 ዲግሪ ያሉትን ተመሳሳይ ሳጥኖች ስንደምር ሀ፣ ለ እና ሠ ተሰባስበው ሦስት ድምፅ ይሰጡናል፤ እንዲህ ያለ መስመር ግን በምስሉ ላይ የለም። ሳጥኑ ሲሰፋ እውነተኛውም ሐሰተኛውም አብረው ያድጋሉ። እኔ የምመርጠው ጠባብ ሳጥን ይዞ መቆየትን ነው፤ አሸናፊው ሲፈለግ ብቻ የጎረቤት ሳጥኖች ድምር ይታያል፤ በመጨረሻም ለአሸናፊው ድምፅ የሰጡት ነጥቦች ምን ያህል እንደተቀራረቡ ይመረመራል።

በፓይተን የሚጽፍ ሰው እዚህ ላይ ሌላም ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። ዋጋውን በ `int()` ብቻ ወደ ሙሉ ቁጥር ከቀየረው፣ ትእዛዙ የሚቆርጠው ወደ ዜሮ አቅጣጫ ስለሆነ −0.71ም 0.71ም ዜሮ ይሆናሉ። በዚህ ምክንያት የዜሮው ሳጥን ከሌሎቹ እጥፍ ይሰፋና የማይገባውን ድምፅ ይሰበስባል። በውጤቱ በምስሉ መነሻ ጥግ በኩል የሚያልፉ ምክንያት የሌላቸው መስመሮች ሲበዙ ካዩ፣ በቅድሚያ መጠርጠር ያለበት ይህ ነው።

```python
import numpy as np
pts = [(1,5), (2,4), (4,3), (6,0), (6,5)]
R = 9
acc = np.zeros((180, 2*R + 1), int)
for x, y in pts:
    for t in range(180):
        a = np.deg2rad(t)
        r = x*np.cos(a) + y*np.sin(a)
        acc[t, int(np.floor(r)) + R] += 1
print(acc.max())
print(np.argwhere(acc == acc.max()))
```

R የተደመረው አሉታዊው ρ በሰንጠረዡ ውስጥ ትክክለኛ ቦታውን እንዲይዝ ነው። ነጥቦቹን ከምስል በ `np.nonzero` የሚያወጣ ሰው ትእዛዙ በመጀመሪያ ረድፉን፣ ቀጥሎ ዓምዱን እንደሚመልስ፣ ማለትም y ከ x እንደሚቀድም መርሳት የለበትም። ሁለቱ ከተቀያየሩ θ ወደ 90 − θ ይለወጣል፤ መስመሩ ልክ 45 ዲግሪ ላይ ከሆነ ግን ምንም ለውጥ ስለማይታይ ስሕተቱ ተሸፍኖ ይቀራል። ፕሮግራሙን በተኛ መስመር መፈተን ይሻላል።

4. አሸናፊውን መምረጥ

ከላይ ያለው ኮድ ትልቁ ድምፅ 4 መሆኑን ያሳያል፤ ነገር ግን ይህን ድምፅ ያገኘው አንድ ሳጥን ብቻ አይደለም። ከ41 እስከ 48 ዲግሪ ያሉት ስምንት ሳጥኖች፣ ሁሉም በ ρ ሳጥን 4፣ እኩል አራት አራት ድምፅ አላቸው። ድምፃቸው ከገደቡ በላይ የሆኑትን ሳጥኖች ሁሉ መስመር ብሎ የሚቀበል ፕሮግራም በአንድ ጠርዝ ላይ ስምንት መስመሮችን ደራርቦ ይሥላል። ስለዚህ ከፍተኛው ሳጥን ከተወሰደ በኋላ ጎረቤቶቹ መሰረዝ አለባቸው፤ እንዲህ እኩል ሲሆኑም መካከለኛው ይወሰዳል። የስረዛው ሥራ 0 እና 179 ዲግሪ ጎረቤታሞች መሆናቸውን ማወቅ አለበት፤ ያንን ድንበር ሲሻገር የ ρ ምልክት ይገለበጣል። ይህ ከተረሳ አንድ የቆመ መስመር ሁለት ሆኖ ይቆጠራል።

የድምፅ ገደቡን በተመለከተ፣ ከሚፈለገው አጭር መስመር የፒክስል ብዛት አሳንሶ መጀመርና ውጤቱን እያዩ ማስተካከል ይበቃል። ጠርዞቹ ግን ቀጫጭን መሆን አለባቸው፤ ሦስት ፒክስል የሚወፍር ጠርዝ ለአንድ መስመር ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ድምፅ በጎረቤት ሳጥኖች ላይ ያፈሳል። የካኒ ጠርዝ መፈለጊያን የምመርጠው ጠርዙን ስለሚያቀጥን ነው።

5. መስመሩን ማጥራት

ሰንጠረዡ የሰጠን ግምት ነው፤ θ 44.5 ገደማ፣ ρ ደግሞ በ4 እና በ5 መካከል። አሁን ለአሸናፊው ድምፅ የሰጡትን አራት ነጥቦች መልሰን እንለያለን። ቀደም ሲል ያልመከርኩት የትንሹ ካሬ ዘዴ ተገቢ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ባዕዱ ነጥብ ወጥቷልና። ወደ መስመሩ ያለውን ቀጤ ነክ ርቀት በሚያሳንሰው ስሌት θ ወደ 45.8፣ ρ ደግሞ ወደ 4.4 ይጠጋል። ሐ ከዚህ መስመር በግማሽ ፒክስል ገደማ ሲርቅ፣ ሌሎቹ ሦስቱ ከሩብ ፒክስል ባነሰ ርቀት ይገኛሉ፤ ሠ ግን ከሦስት ፒክስል በላይ ይርቃል።

እስካሁን የተገኘው ግን በሁለቱም በኩል ማለቂያ የሌለው መስመር ነው፤ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያበቃ ድምፁ አይናገርም። በምስል ማቀነባበሪያው የኦፕንሲቪ ቤተ መጻሕፍት `cv2.HoughLines` የሚመልሰውም ይህንኑ ሲሆን፣ `cv2.HoughLinesP` ግን በ `maxLineGap` የሚፈቀደውን ክፍተት ተቀብሎ ጫፎቹን ይሰጣል። በእጅ ለመሥራት ነጥቦቹን በመስመሩ አቅጣጫ ቅደም ተከተል ካስያዙ በኋላ በመካከላቸው ያለውን ርቀት መለካት ነው፤ ከሀ እስከ ለ 1.4፣ ከለ እስከ ሐ 2.2፣ ከሐ እስከ መ 3.6 ፒክስል። የሚፈቀደው ክፍተት 4 ከሆነ መስመሩ ከሀ እስከ መ ይዘልቃል፤ 3 ከሆነ ግን ሐ ላይ ያበቃና መ ለብቻው ይቀራል።