ትርፋማነቱ ጨመረ፣ ካዝናው ግን ባዶ ነው፦ ችግርና መፍትሔ

ምልክት

አንድ የቤት ዕቃ አምራች ድርጅት እንውሰድ፤ አኃዞቹን ለማስረዳት ያህል የመረጥኳቸው እኔ ነኝ። በመጀመሪያው ዓመት በባለአክሲዮኖች ካፒታል ላይ 20 በመቶ አተረፈ፤ በሁለተኛው 24 በመቶ። ባለአክሲዮኖቹ ደስ ብሏቸዋል። የገንዘብ ክፍሉ ግን ደመወዝ ለመክፈል ተቸግሯል። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል።

መንስኤውን መፈለግ

እ.ኤ.አ. በ1910ዎቹ በአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ ይሠራ የነበረው ዶናልድሰን ብራውን ትርፋማነትን በትርፍ ህዳግና በሀብት ዝውውር ከፍሎ ማየትን አስለመደ። ሦስተኛው፣ የዕዳን ጫና የሚያሳየው፣ ኋላ ተጨመረ።

```
(የተጣራ ትርፍ ÷ ሽያጭ) × (ሽያጭ ÷ ሀብት) × (ሀብት ÷ ካፒታል)
ዓመት 1፦ 10% × 1.25 × 1.6 = 20%
ዓመት 2፦  8% × 1.00 × 3.0 = 24%
```

ሁለቱ ወድቀዋል፤ የጨመረው ሦስተኛው ብቻ ነው። ዕዳው በ1.6 ቢቆይ ኖሮ ትርፋማነቱ 12.8 በመቶ ይሆን ነበር። እንዲህ አንዱን ባለበት አቁሞ ማስላት ከሁሉም ፈጣኑ ምርመራ ነው።

ዕዳው ለምን አደገ? ድርጅቱ 46.8 ሚሊዮን ብር የትርፍ ድርሻ ከፈለ፤ ካፒታሉም ከ100 ወደ 70 ሚሊዮን ወረደ። ሀብቱ ደግሞ ከ160 ወደ 210 ሚሊዮን ሲያድግ ልዩነቱን የሞላው ብድር ነው።

የህዳጉ መቀነስ ግን ያሳስታል። ብዙ ሰው ወዲያው የማምረቻ ወጪን ይወቅሳል። ከወለድና ከግብር በፊት ያለውን ትርፍ ለሽያጭ ስናካፍል ሁለቱም ዓመታት 17 በመቶ ገደማ ናቸው። ፋብሪካው አልደከመም፤ ከ5 ወደ 12 ሚሊዮን ያደገው ወለድ ነው ህዳጉን የበላው። ስለዚህ ዕዳ አንዱን ቁጥር ከፍ ሲያደርግ ሌላውን ዝቅ ያደርጋል።

የዝውውሩ መቀነስ መነሻው ተሰብሳቢ ሂሳብ ነው። ከ30 ወደ 65 ሚሊዮን አድጓል፤ ሽያጩ ግን ከ200 ወደ 210 ብቻ። በቀን ስንቆጥረው ደንበኞች በ55 ቀን ይከፍሉ የነበረውን አሁን በ113 ቀን ይከፍላሉ።

መፍትሔ

ዱቤውን ወደ 55 ቀን መመለስ 33 ሚሊዮን ብር ያህል ያስለቅቃል። ያ ገንዘብ ለብድሩ ይከፈል። ወለዱ በዓመት 15 በመቶ ከሆነ 5 ሚሊዮን ይድናል፤ 30 በመቶ ግብር ሲቀነስ 3.5 ሚሊዮን ትርፍ ይጨመራል። ህዳጉ ወደ 9.7 በመቶ፣ ዝውውሩ ወደ 1.19 ይመለሳሉ፤ የዕዳው ቁጥር ከ3.0 ወደ 2.5 ይወርዳል፤ ትርፋማነቱም 29 በመቶ ገደማ ይደርሳል። እስኪረጋጋ ድረስ እንዲያ ያለ ትልቅ የትርፍ ድርሻ እንዳይከፈል አጥብቄ እመክራለሁ።

ስሌቱ ካልገጠመ

ሦስቱ ተባዝተው ውጤቱን ካልሰጡ፣ በአንዱ ቦታ የዓመት መጨረሻ ሂሳብ፣ በሌላው የዓመቱ አማካይ ገብቶ ሊሆን ይችላል። ከላይ ያለው ሁሉ በዓመት መጨረሻ ነው። በአማካይ ካፒታል ቢሰላ የሁለተኛው ዓመት ትርፋማነት 19.8 በመቶ ብቻ ነው፤ ተጨመረ የተባለው ሁሉ ይጠፋል። ኪሳራ ካፒታሉን ከዜሮ በታች ካወረደው ደግሞ ስሌቱ ትርጉም የለውም፤ ያኔ ትርፉን ከጠቅላላ ሀብቱ ጋር ብቻ አነጻጽሩ።